ድምፄን የወሰደው ገና

የመጀመሪያው ምልክት የሚናቅ ነበር። ታኅሣሥ በገባ ሰሞን፣ የአንደኛ ክፍል ልጆቼን ፊደል እያስቆጠርሁ ሳለ ድምፄ መሐል ላይ ሁለት ሆነብኝ። አንዱ የኔው ነው፤ ሌላው ከሥሩ የሚሻክር፣ የማላውቀው። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ውሃ እንዳልጠጣ ጾም ነው። «እህ፣ እህ» ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁና ቀጠልሁ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ስነሳ የመጀመሪያው ቃሌ ሁልጊዜ ጎርናና ሆነ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ይጠራል፤ ወደ ማታ መልሶ ይሰልላል።

ይህን የምጽፈው ድምፃችሁ ለተዘጋባችሁና ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ለመዘመር፣ ለማስተማር፣ ለመቀደስ ቀጠሮ ላለባችሁ ነው። ቀጠሮው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የኔም ከባድ ነበር።

ደባርቅ ትምህርት ቤት ስቀጠር ገና ልጅ እግር ነበርሁ። ክፍሌ ሞልቶ እስከ በሩ የሚተርፍ ሕፃን ነው። ነፋሱ ከስሜን ወርዶ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲያንቋቋ ከነፋሱ በላይ ካልጮህሽ ከኋላ ያለው ልጅ አይሰማሽም። ግማሽ ቀን እንዲያ ስጮህ እውላለሁ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መዝሙር ልምምድ።

መዘምራኑን ያቋቋመው መምህር ገሠሠ ነው። ጎንደር ተምሮ የመጣ፣ ንግግሩ ጨዋ፣ ከበሮ ሲመታ እጁ የማይሳሳት ወጣት ነበር። ልጃገረዶች ነጭ ለብሰን በጉባኤ ፊት ቆመን በአማርኛ መዘመራችን ለደብተራዎቹ አልተዋጠላቸውም። «ሴት በከበሮና በጸናጽል መሐል ምን ጉዳይ አላት?» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። የደብሩ አለቃ ነገሩን ሲያመዛዝኑ ቆይተው ለአንድ ገና ፈቀዱ። ከቅዳሴ በኋላ በቅጥሩ ውስጥ ሕዝብ በተሰበሰበበት እንድንዘምር፣ ያማረ እንደሆነ እንድንቀጥል፣ ያላማረ እንደሆነ እንድንበተን። መምህር ገሠሠ ተስፋውን ሁሉ በአንድ መዝሙር ላይ ጣለ። መሪዋ እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ ተቀባዮች ናቸው። ቅጥሩ ሰፊ ነው፣ ድምፅ ማጉያ የለም፤ ስለዚህ መዝሙሩን ጉሮሮዬ ከለመደው ከፍ አድርጎ አስነሳው።

ሌላም ነገር ነበር። የምንለማመደው ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እህልም ውሃም ሳንቀምስ ነው። «የጾመ ጉሮሮ ንጹሕ ነው» ይል ነበር መምህሩ፤ እኛም እውነት መስሎን ኮራንበት። ከንፈራችን ተሰነጣጥቆ፣ ምላሳችን ከላንቃችን እየተጣበቀ እንዘምራለን። ድምፅ የሚርጥብ ነገር እንደሚፈልግ ያን ጊዜ የነገረን አልነበረም። ብንሰማም እንስቅ ነበር።

ወደ ወሩ አጋማሽ ድምፄ ከፍ ባለው ቦታ ላይ መውጣት አቃተው። ዝቅ ያለው አለ፤ መካከለኛው አለ፤ ከፍ ስል አየር ብቻ። ጉሮሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር የተቀመጠ ይመስለኛል፤ እሱን ለማውረድ ስጠርግ እውላለሁ። ስጠርግ ይብስበታል። እናቴ ፌጦ በሎሚ አሸችልኝ። ጎረቤት ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አመጣ። አንዷ በአረቄ አጉመጥምጪ አለችኝ፤ አጉመጠመጥሁ፣ አቃጠለኝ፣ ማቃጠሉን እንደ መዳን ቆጠርሁት። መራራና ትኩስ ካልሆነ መድኃኒት የማይመስለን ሰዎች ነን።

ጤና ጣቢያም ሄጃለሁ። ድሬሰሩ፣ የጤና ረዳቱ፣ ምላሴን በማንኪያ ተጭኖ በባትሪ አየና «ቀልቷል» አለኝ። ፔኒሲሊን ወጋኝ። ልወጣ ስል «ድምፅሽንም አሳርፊው» አለ። እናቴ ሁለተኛው መርፌ መቼ እንደሆነ ጠየቀችው እንጂ ያቺን ቃል ሁለታችንም አልሰማናትም። ድሬሰሩ ያየው ደግሞ እስከ እንጥሌ ድረስ ብቻ ነው። ድምፅ የሚሠራው ከዚያ በታች፣ በባትሪ በማይታይ ቦታ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ለመምህር ገሠሠ ድምፄ እንደደከመ ነገርሁት። እንድሾካሾክ፣ በሹክሹክታ እንድለማመድ መከረኝ። ሹክሹክታ ዕረፍት መስሎት ነው፤ እኔም መስሎኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ስሾካሽክ ዋልሁ፤ ማታ ጉሮሮዬ እንደ ተፋቀ ቆዳ ነደደኝ።

ከገና በፊት በነበረው ሳምንት የመጨረሻውን ልምምድ አደረግን። ከበሮው ተመታ። ዝቅ ያለውን ክፍል አወጣሁት። ተቀበሉኝ። ከፍ ወዳለው ደረስሁ። አልወጣም አለኝ። ገፋሁት።

ተበጠሰ።

ሕመም አልነበረውም። አፌ ተከፍቷል። አየር ይወጣል። ድምፅ የለም። ልጃገረዶቹ መቀበያቸውን እየጠበቁ ያዩኛል። መምህሩ ከበሮውን አቆመ። ደግሜ እንድሞክር በእጁ አሳየኝ። ሞከርሁ። ምንም። ስንዱ የምትባለው ጓደኛዬ ትከሻዬን ያዘችኝ። እሷ ከኔ ቀጥላ የምትቆም ነበረች።

ቤት ስገባ ለእናቴ ልነግራት አልቻልሁም፤ አፌን ከፈትሁላት። እናቴ ቁጭ አለች። ከዚያ ጎረቤቶች መጡ። በእኛ ሀገር አንድ ሰው ድምፁ ከተዘጋ ምክንያቱ የታወቀ ነው። እንጥሉ ወርዷል። እንጥል ከወረደ ጉሮሮ ይዘጋል፤ ካልተቆረጠ ሰውየውን ያንቀዋል። ይህን የማያውቅ እናት አልነበረችም። ከሁሉ የምትታመን ጎረቤታችን እትዬ ፈንታዬ አፌን አስከፍታ አየችና ፈረደች።

«እንጥሏ ረዝማለች። ምላሷን ነክታለች። ዳባት ውሰጃት እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ፌጦውና አረቄው አሳብጦት ነው የረዘመው። ይህንንም በኋላ ነው ያወቅሁት። ግን ልንገራችሁ፣ ማንም ባይገፋኝ ኖሮ እንኳ በእግሬ ዳባት እወርድ ነበር። ገና ሊደርስ ነው። የሚቆረጥ ነገር ካለ ይቆረጥ፤ በዓሉ ሳይደርስ ይድናል አልሁ።

ጠዋት እህል በጫነ ኤንትሬ መኪና ላይ ተሳፍረን ወረድን። ዳባት የታወቀ ቆራጭ አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ ዛሬም ልጆች አሉት። ከቤቱ ደጅ ተራ የሚጠብቁ እናቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ሕፃን የታቀፉ። እኔ ትልቋ ነኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። እጁን ታጥቧል፣ ጸሎት አድርሷል። በድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ። እናቴ ከኋላ ራሴን ያዘች። የፈረስ ጭራ ጠጉር በሸንበቆ ጫፍ አስሮ ወደ አፌ አስገባ። እንጥሌን አጠለቀው። ሳበ። አጠበቀ።

ቆረጠ።

ትኩስ ነገር ወደ ጉሮሮዬ ወረደ። ዋጥሁት፤ ደም ነበር። ሰውየው የቆረጠውን በሸንበቆው ጫፍ ላይ ለእናቴ አሳያት። ትንሽ ሥጋ ናት። እናቴ «ተመስገን» አለች። በቅል የተበጠበጠ ነገር አጠጡኝና ከፊሉ በአፍንጫዬ ተመልሶ ወጣ። ሰውየው ይህ ደህና ምልክት ነው አለን።

ደህና ምልክት አልነበረም። ቆረጣው ከእንጥሉ አልፎ ላንቃዬን ነክቶት ኖሯል። ወደ ደባርቅ ስንመለስ ትኩሳቱ ጀመረ። በማግስቱ ምራቄን መዋጥ አልቻልሁም። አንገቴ ላይ እብጠት ወጣ። ትንፋሼ ሸተተ። ድሬሰሩ ተጠርቶ መጣና አፌን ሲያይ ወዲያው ፔኒሲሊኑን አዘጋጀ፤ በጠዋትና በማታ እየመጣ ወጋኝ። ያ መርፌ ሕይወቴን አትርፎልኛል። ድምፄ ግን እንደተበጠሰ ነው።

በገና ዋዜማ መምህር ገሠሠ መጣ። ሊጠይቀኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። በሩ ላይ ቆመ፤ «እግዚአብሔር ይማርሽ፣ እኅት የሺ» አለኝ። ቀጥሎ ወደ እናቴ ዞሮ የመዘምራኑን ልብስ ጠየቀ። በልኬ የተሰፋው፣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነው ነጩ ቀሚስ ነው። ለስንዱ ይሆናል አለ፤ ሌላ ለማሰፋት ጊዜ የለም አለ። እናቴ ከሣጥን አውጥታ አጣጥፋ ሰጠችው። አመስግኖ ሄደ። ወደ ውስጥ አልገባም።

ብዙ ነገር ይቅር ብያለሁ። ይህችን አልቻልሁም፤ ሞክሬ ነበር።

የገና ዕለት ቤታችን ለቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁት። ከበሮው ተመታ። ስንዱ አወጣች። ከፍ ወዳለው ስትደርስ መምህሩ አስቀድሞ ዝቅ አድርጎላት ኖሯል፤ መዝሙሩ ከኔ ጉሮሮ በታች ባለ ቦታ በሰላም አለፈ። ሕዝቡ እልል አለ። ዝቅ ማድረግ ይቻል ነበር ማለት ነው። ትራሴን ነክሼ አለቀስሁ፤ ለቅሶዬም ድምፅ አልነበረውም።

እብጠቱ እንደ ጎደለልኝ የእናቴ ወንድም ጎንደር ወሰደኝ። እዚያ ያየኝ ሐኪም ሽበት የጀመረው፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነበር። ዘንግ ያላት ትንሽ ክብ መስተዋት አነሣ። በአልኮል መብራት ላይ አሞቃት፤ ቀዝቃዛ ከሆነች ትንፋሽ ያደፈርሳታል። በእጁ ጀርባ ሙቀቷን ለካ። ምላሴን በሻሽ ይዞ ወደ ፊት ሳበ፤ መስተዋቷን ከላንቃዬ በታች አኖረ። «ኢ በይ» አለኝ። አየር ወጣ። «ደግመሽ።» ረጅም ጊዜ አየ። የላንቃዬን ቁስል ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

ከዚያ ወንበሩን ስቦ ከፊቴ ተቀመጠና ሁለት ጣቶቹን አንድ ላይ አጋጥሞ አሳየኝ። የድምፅ ገመዶች ይህን ይመስላሉ አለ፤ ከማንቁርት ውስጥ ናቸው፣ ስንናገር ይጋጠማሉ፣ አየር ሲያልፍባቸው ይንቀጠቀጣሉ፣ ድምፅ ማለት ያ ነው። ከፍ ያለ ዜማ በይበልጥ ያስጨንቃቸዋል። ሲደርቁ ይጎዳሉ። የኔ ለሳምንታት አብጠው ኖረዋል፤ ከብዙ ጩኸት የተነሣ ሁለቱም ጠርዝ ላይ እንደ እርፍ የጨበጠ እጅ ጠጥረዋል፤ ይህን ኖዱል ይሉታል። በመጨረሻው ልምምድ ደግሞ በአንደኛው ላይ ቀጭን የደም ሥር ፈንድቶ ደሙ ከሽፋኑ ሥር ተቋጥሯል። ሄሞሬጅ አለው።

«እንጥሉስ?» አለ አጎቴ።

«እንጥል ድምፅ ውስጥ ሥራ የለውም። በከንቱ ነው የተቆረጠው።»

አጎቴ ወለሉን አየ። እኔ ሐኪሙን ማየቴን አላቆምሁም። መድኃኒቱን እየጠበቅሁ ነው፤ መርፌ፣ ክኒን፣ ቢላም ቢሆን። ሐኪሙ ግን ምንም አልጻፈም።

«መድኃኒትሽ ዝምታ ነው» አለኝ። «ደሙ ራሱ ይመጠጣል፤ ካልነካሽው።»

ከዚያ ሥርዓቱን ዘረዘረልኝ። አንዲት ቃል አልናገርም። ሹክሹክታም አልችልም፤ ሹክሹክታ ገመዶቹን ያስጨንቃል። ጉሮሮዬን አልጠርግም፤ ሲከብደኝ ውሃ ጎንጨት ብዬ እውጣለሁ። እንስራ አላዝልም፤ ሰው ከባድ ነገር ሲያነሣ ትንፋሹን ሲይዝ ገመዶቹ እርስ በርስ ይጫናሉ። ጭስ ካለበት እርቃለሁ፤ የፈላ ውሃ እንፋሎት በነጠላ ተሸፍኜ እስባለሁ። በርበሬና አረቄ የለም። ቀኑን ሙሉ ውሃ እጠጣለሁ። ዐቢይ ጾም እየመጣ መሆኑን አጎቴ ነገረው። ሐኪሙ ጾሙን ከንስሐ አባቴ ጋር እንድጨርስ ነገረኝ፤ ገመዶቹን ግን ከውሃ በቀር ሌላ ሊያለሰልሳቸው እንደማይችል ነገረኝ።

ደባርቅ ውስጥ ዝም ማለት ምን ማለት እንደሆነ የደባርቅ ሰው ያውቃል። ሽማግሌ ሲያልፍ ቆመሽ፣ እንደምን ዋሉ ብለሽ፣ ከብቱን፣ እርሻውን፣ የልጆቹን ደኅንነት ጠይቀሽ ነው የምታልፊው። እኔ አጎንብሼ ብቻ አለፍሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ትዕቢተኛ ተባልሁ። በሁለተኛው ቡዳ በልቷታል ተባለ። ከዚያ አንዲት መነኩሲት አርምሞ ይዛለች ብለው ስለተናገሩልኝ ሴቶች ጉልበቴን ሊስሙ መጡ፤ ያ ከሁሉ አሳፈረኝ። የሚገርመው፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ባለጠጋ ሽማግሌ ላከብኝ። የማትናገር ሚስት ሲፈልግ መኖሩን እናቴ ስትነግረኝ መሳቅ ፈለግሁ፤ ሳቅም ተከልክያለሁ። እናቴ እምቢታውን በኔ ስም በረጅሙ አደረሰችልኝ፤ እኔ ብሆን ከምለው ይልቅ ጨዋ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ክፍሌን ለሌላ ሰጥቶ መጽሐፍ ቤት አስቀመጠኝ። የተቀደደ ሰፋሁ፤ አቧራ አራገፍሁ። ድሮ የማልሰማውን ነገር መስማት ጀመርሁ። አስተማሪዎቹ ሁሉ ይጮኻሉ። ግማሾቹ ጎርናና ናቸው። ለማስተማር ስንጮህ ልጆቹ ደግሞ ከእኛ በላይ ሊሰሙ እንደሚጮኹ፣ እኛም መልሰን ከእነሱ በላይ እንደምንጮህ ያኔ ታየኝ። ይህን የምነግረው ሰው አልነበረኝም።

ትዕግሥት ማለት እንደሚሉት ጣፋጭ አይደለም። እኔ በየማለዳው መጀመሪያ የማስበው «ዛሬ ብሞክረው» የሚለውን ነው። በልቤ ውስጥ ዘማሪዋ ሞታ የቀብሯ ቀን የተረሳ ያህል ነበር። አንድ ቀን እንስራ ልታዝል የምትታገል ሴት አየሁና ልረዳት ደርሼ እጄ እንስራው ላይ ሲያርፍ ትዝ አለኝ። ትቻት ሄድሁ። ስለዚያ ያለችኝን ሰምቻለሁ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ንስሐ አባቴ ዘንድ እናቴ ሄዳ ነገሩን አስረዳች። አባ ያረጁ፣ ጆሮዋቸው የማይሰማ ካህን ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው አንድ ጣሳ ውሃ ከማድጋ አስቀዱ። ራሳቸው ባረኩትና ሰጡኝ።

«ጠጪ፣ ልጄ። ጌታ ጉሮሮሽን ሲፈጥር ደረቅ አርጎ አልፈጠረውም። እየጠጣሽ ጹሚ።»

ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ የጠጣሁበትን ያን ጊዜ አልረሳውም። በአፍንጫዬ አልተመለሰም።

ወደ ጎንደር ተመልሼ ስሄድ ሐኪሙ መስተዋቱን አስገብቶ ደሙ እንደ ተመጠጠ ነገረኝ። ኖዱሎቹ አሉ፤ ግን አንሰዋል። ከንፈሬን ገጥሜ በአፍንጫዬ «ም» እንድል ፈቀደልኝ፤ በጣም ለአጭር ጊዜ፣ ከዚያ ዕረፍት፣ ከዚያ እንደገና። ሲሻክር ማቆም። ድምፁ ሲወጣ አየሁት፣ ማለትም ሰማሁት። የኔ መሆኑን መጀመሪያ አላወቅሁትም። ዝቅ ያለ፣ ጠርዙ የሻከረ ነው። ሐኪሙ ከፍ ያለው እንደማይመለስ ሳይደብቅ ነገረኝ፤ ደም የፈሰሰበት ቦታ ጠባሳ ጥሏል። አጎቴ መንገድ ላይ ሊያጽናናኝ ብዙ አወራ። እኔ ግን በአፍንጫዬ «ም» እያልሁ መጣሁ።

ስንዱ የታመመችው በዚያው ጾም ነው። የፋሲካውን መዝሙር መምህሩ እንደገና ከፍ አድርጎ አስነሣው፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። እናቷ ነጠላ አንገቷ ላይ አስራ ዳባት ልትወስዳት እየተሰናዳች መሆኑን ስሰማ ቤታቸው ሮጥሁ። ከወራት በኋላ ለሰው የተናገርሁት የመጀመሪያ ንግግር ያ ነው። በዝግታ፣ በሻከረው ድምፅ፣ ገመዱን፣ ደሙን፣ ዝምታውን አስረዳሁ። እንጥሉ ምንም ሥራ እንደሌለው ነገርሁ። እናቷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«የሺ፣ ቀሚሱን ስለወሰደችብሽ እንደሆነ እንመልስልሻለን» አለችኝ። «ልጄን ግን አታስቀሪያት።»

ስንዱ ወለሉን ታያለች። ዳባት ሄደች። ተቆረጠች። ለሳምንታት ከሕመሙ የተነሣ አንዲት ቃል መናገር አቃታት፤ ውሃና አጥሚት ብቻ ጠጣች። ከዚያ ዳነች። ድምፅዋ እንደ ድሮው ጠርቶ ተመለሰ፤ ፋሲካ ላይ አወጣች። እኔ ከኋላ ቆሜ፣ በዝቅተኛው፣ ለአንዲት መዝሙር ብቻ ተቀበልሁ። እትዬ ፈንታዬ ከጎኔ ነበረች። ዳባት የሄደችው እንደዚህ ስትዘምር እኔ ጎንደር ድረስ ሄጄ ድምፄ እንደ ወንድ መሆኑን ጠቀሰችልኝ። በክፋት አይደለም፤ እንደታያት ነው የተናገረችው።

ይህን ሁሉ ለሐኪሙ በሦስተኛው ጉዞዬ ነገርሁት። ከተቆረጠች በኋላ ምን እንዳደረገች ጠየቀኝ። ተኝታ ነበር አልሁት፤ መናገር አልቻለችም።

«እንግዲህ ያዳናት ዝምታው ነው» አለ። «ሕመሙ አፏን ይዞላታል። ምስጋናው ግን ለቢላው ነው።»

ቆራጩ ደጅ ያለው ሰልፍ በፊት ከነበረው ረዘመ። ስንዱ ዳነች ተብሎ ነው።

በቀጣዩ ዓመት የነቢያት ጾም ከመዘምራኑ አንዷ፣ ገና ጉርምስና የጀመራት ልጅ፣ ድምፅዋ ተዘጋ። እኔ ሳልሰማ ወሰዷት። ሲመለሱ መኪናው ላይ ደሙ አልቆም አለ። ደባርቅ ስትደርስ በሕይወት አልነበረችም። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ተቀምጠው እያለ አንዷ «ዘግይተው ነው የወሰዷት፤ እንጥሏ አስቀድሞ ወርዶ ነበር» አለች። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። መምህር ገሠሠም እዚያ ነበር፤ እሱም ነቀነቀ።

ጮህሁ።

ምን እንዳልሁ በሙሉ አላስታውስም። ውሃ ብያለሁ። ዝም በሉ ብያለሁ። የመምህሩን ስም ጠርቻለሁ፤ መዝሙሩን ዝቅ ማድረግ ትችል ነበር ብየዋለሁ። እናቴ ልትይዘኝ ተነሣች። እስኪበጠስ ድረስ ጮህሁ፤ ተበጠሰም። ያችው ስሜት ነች፤ አወቅኋት።

አሁን የምጽፈው ከዚያ ወዲህ ባለው ዝምታ ውስጥ ነው። ሐኪሙ አይቶኛል፤ በዚህ ጊዜ ምን ያህል እንደሚመለስ አልነገረኝም። አልጠየቅሁትም።

ለእናንተ የምመክረው አጭር ነው። ድምፃችሁ ሲሻክር ዕለቱን አቁሙ፤ በዓሉ ቢቀር በዓል ተመልሶ ይመጣል። አትሾካሹኩ፣ አትጥረጉ፣ ውሃ ጠጡ፤ ንስሐ አባታችሁ ከሐኪሙ ይበልጥ የዋህ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ከሁለት ሳምንት ዝምታ በኋላ ካልተሻላችሁ መስተዋት ያለው ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የሚያስቸኩላችሁን መምህር እኔ እንደሰማሁት አትስሙት። ከሁሉም በላይ ማንም ጉሮሯችሁ ውስጥ ቢላም ሆነ ጠጉር እንዳያስገባ። ሳትቆረጡ የዳናችሁ እንደሆነ ማንም አያመሰግንላችሁም፤ «በራሱ ድኖ ነው» ይላሉ። አዎ፣ በራሱ ነው የሚድነው። ዋናው ነገር እሱ ነው።

ሐኪሙን አመሰግናለሁ። አባን አመሰግናለሁ። ድሬሰሩን፣ ስለ መርፌውም ስላልሰማሁት ቃልም አመሰግናለሁ። እናቴን ደግሞ፣ ለሽማግሌውም ለአባም በኔ ፈንታ ተናግራልኛለችና።

ከለቅሶው በኋላ በነበረው ሳምንት አንዲት ከአምባራስ መንደር የመጣች ሴት በራችን ላይ ቆመች። ልጇን ይዛለች፤ ልጅቱ አንገቷን በነጠላ አስራለች። የተሳፈሩበት መኪና ሾፌር ወደ ዳባት ከመውረዳቸው በፊት «የምትጮኸውን አስተማሪ ጠይቋት» ብሏቸው ነው የመጡት። ሴትየዋ ምን ላድርግ አለችኝ። ውሃ ቀዳሁና ለልጅቱ ሰጠኋት። እየተጠራጠረች እናቷን አየች፤ ጾም ነው። እናቷ እኔን አየችና «ጠጪ» አለቻት። ጠጣች። ከዚያ ጣቴን በከንፈሬ ላይ አደረግሁ፤ ልጅቱም እንደኔው አደረገች። እናቷ ነጠላውን ከአንገቷ ፈታችላት።